ከ3 ሳምንት ያለፈ የድምፅ መጎርነን በአጫሾች ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሌሎች የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የሚመጡ አጫሾችና ቤተሰቦቻቸው ስለ ጎረነነ ድምፅ ደጋግመው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው። መነሻቸው አንድ ምክር ነው፦ የአጫሽ ድምፅ ጎርንኖ 3 ሳምንት ካለፈው ማንቁርቱ በሐኪም መታየት አለበት።

ድምፅ ጎረነነ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

ድምፅዎ ከቀድሞው ሲሻክር፣ ሲወፍር፣ ትንፋሽ ሲቀላቀልበት፣ በወሬ መካከል ሲቆራረጥ ወይም ሰው ልጥራ ሲሉ አልወጣ ሲልዎ ጎረነነ ይባላል። ሕመም የግድ አይኖርም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ምንም የሚያም ነገር ባለመኖሩ ነው ሰው የሚዘናጋው። ለውጡን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቀው አልፎ አልፎ ስልክ የሚደውል ዘመድ ነው። «ምነው ድምፅህ እንዲህ ሆነ?» የሚል ሰው ከበዛ፣ ለውጡ የጀመረበትን ቀን አስታውሶ መጻፍ ይጠቅማል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና።

ለምን በትክክል 3 ሳምንት ተባለ?

ጉንፋን የድምፅ አውታሮችን ሲያሳብጥ ድምፅ ይዘጋል፤ ይህ እብጠት ግን ምንም መድኃኒት ባይወሰድም በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሟሽሻል። ለሚዘገየው ጥቂት ቀናት ቢጨመርለት እንኳ 3 ሳምንት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቆይ መጎርነን «ጉንፋኑ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይችልም፤ ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው፣ ምክንያቱ ቀላልም ከባድም ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ በየአገሩ ትንሽ ይለያያል። በእንግሊዝ አገር 45 ዓመት የሞላውና ምክንያቱ ያልታወቀ የማያቋርጥ መጎርነን ያለበት ሰው ካንሰር እንዲጣራለት በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ከአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ ገደቡን 4 ሳምንት አድርጎ፣ አሳሳቢ ምክንያት ከተጠረጠረ ግን ቀን ሳይቆጠር ማንቁርቱ እንዲታይ ያዝዛል፤ ማጨስም ጥርጣሬውን ከሚያጠናክሩት ነገሮች አንዱ ነው። በመካከል ድምፁ ትንሽ ተሻሽሎ ከነበረ ቆጠራው እንደ አዲስ አይጀመርም። ሙሉ በሙሉ ወደ ጥንቱ ካልተመለሰ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ነው።

አጫሽ መሆኔ ምን ይለውጣል?

የድምፅ አውታሮች በማንቁርት ውስጥ፣ በአየር ቧንቧው አፍ ላይ፣ ግራና ቀኝ ተዘርግተው የሚገኙ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ናቸው። ወደ ሳንባ የሚገባው ጢስ ሁሉ በመካከላቸው ያልፋል። ለስላሳና እርጥብ የነበረው ልባሳቸው ለዓመታት ጢስ ሲያልፍበት እየወፈረና እየሻከረ ይሄዳል፤ ከዚያም በአንዳንዱ ሰው ላይ ሕዋሳቱ ቅርጻቸውንና ሥርዓታቸውን እያጡ ቀስ በቀስ ወደ ካንሰር ሊለወጡ ይችላሉ። የማንቁርት ካንሰር ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚያጨሱ ወይም ያጨሱ የነበሩ ናቸው። ማጨስና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚያመጡት ድምር ይበልጣል። ሺሻም ያው የትምባሆ ጢስ ነው፤ በውኃ ማለፉ ንጹሕ አያደርገውም።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። የወንድ የድምፅ አውታሮች በተራ ንግግር ጊዜ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ፤ የሴት ደግሞ ወደ 200 ጊዜ ይጠጋል። ስለዚህ በአውታሩ ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ እንኳ የማያህል ነገር ቢበቅል መርገብገቡን ያዛባዋል፣ ድምፁም ወዲያው ይለወጣል። ያው መጠን ያለው እብጠት በሳንባ ወይም በጨጓራ ላይ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ምንም አያውቅም ነበር። በተጨማሪም በአውታሮቹ ውስጥ የሊምፍ ቧንቧዎች እጅግ ጥቂት ስለሆኑ በዚያ የጀመረ ካንሰር ለተወሰነ ጊዜ ባለበት ይቆያል፤ ወደ አንገት ንፍፊቶች ለመሄድ አይቸኩልም። በዚህ ደረጃ የተደረሰበት የድምፅ አውታር ካንሰር ከ10 ሕሙማን በ9ኙ ገደማ ይድናል። ካንሰር ራሱን ቀድሞ የሚያስታውቅበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነው። የምናባክነውም በመጠበቅ ነው።

ይህ ሲባል ግን የጎረነነ አጫሽ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። አብዛኞቹ እብጠት፣ ፖሊፕ ወይም የቆየ ብግነት ሆኖ ይገኝባቸዋል። ለብዙ ዓመታት ባጨሱ ሴቶች ላይ አውታሮቹ ውስጣቸው ፈሳሽ አቁሮ ሲያብጡ ድምፃቸው ወፍሮ በስልክ «ጋሼ» እስከ መባል ይደርሳሉ፤ ይህ ራሱ ካንሰር አይደለም። ችግሩ በጆሮ ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት የሚችል ሐኪም አለመኖሩ ነው።

ሥራዬ መጮህ ነው፣ ሰፈሩም አቧራ ነው። ከዚያ የመጣ አይሆንም?

ሊሆን ይችላል። በታክሲ ተራ ሲጣራ የሚውል፣ በገበያ የሚሸጥ፣ በግንባታ ቦታ በሲሚንቶና በድንጋይ ብናኝ ውስጥ የሚሠራ ሰው ድምፁ ይጎዳል። ከሱሉልታ በኩል የሚነፍሰው የማለዳ ብርድም ለጉሮሮ የሚመች አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ምክንያቶች ለዓመታት አብረውዎት የኖሩ ናቸው፤ ድምፅዎ የተለወጠው ግን በቅርቡ ነው። ለ15 ዓመት ሲጮህ ያልጎረነነ ሰው ዘንድሮ ከጎረነነ፣ «ዘንድሮ ምን ተጨመረ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በመጮህ የሚመጣ መጎርነን ባሕርይም አለው፦ ማታ ይብሳል፣ በዕረፍት ቀን ይቀንሳል፣ በአስተርእዮ ወይም በፋሲካ ጥቂት ቀን ዝም ብለው ሲሰነብቱ ይለቃል። ዕረፍት የማይነካውና ከሳምንት ወደ ሳምንት እየከፋ የሚሄድ መጎርነን ከዚህ ጋር አይመሳሰልም። እንዲህም ሆኖ ይህ ልዩነት ጥርጣሬን ለማጠንከር ይረዳል እንጂ ምርመራን አይተካም።

ጤና ጣቢያ ጉሮሮዬን በባትሪ አይተው ደህና ነው አሉኝ። አይበቃም?

አይበቃም፤ ይህም የባለሙያው ስንፍና አይደለም። አፍዎን ከፍተው ምላስዎ በእንጨት ሲጫን የሚታየው እንጥልዎ፣ የቶንሲል ዕጢዎችና የጉሮሮ የኋላ ግድግዳ ነው። የድምፅ አውታሮቹ ያሉት ከምላስ ሥር በታች፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ስለሆነ በባትሪ ቀጥታ ሊታዩ አይችሉም። ስለዚህ «ጉሮሮህ ንጹሕ ነው» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ድምፅ አውታሮች ግን የሚናገረው ነገር የለም። በአንገት አልትራሳውንድም ሆነ በደም ምርመራ ይህን ማረጋገጥ አይቻልም። ማንቁርት ሳይታይ በቅድሚያ ሲቲ ስካን ማንሳትም አይመከርም፤ ውድ ነው፣ በአውታሩ ልባስ ላይ ያለ ስስ ለውጥም ሊያመልጠው ይችላል።

ከጤና ጣቢያው የሚፈልጉት ሪፈራል ነው። «አጫሽ ነኝ፣ ድምፄ ከተለወጠ ይህን ያህል ሳምንት ሆኖኛል፣ ማንቁርቴን ከአንገት በላይ ሐኪም እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ነውር የለበትም። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ከአንገት በላይ ሕክምና ክፍል አላቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው የሪፈራሉን ሰንሰለት ጠብቆ ካልሄደ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ወረቀቱን ሳይዙ መሄድ አይጠቅምም።

ከመድኃኒት ቤት አንድ ነገር ገዝቼ ልሞክር?

ማር በዝንጅብልም ሆነ ትኩስ ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ጉዳቱ ቀን መቁጠሩን ካስረሳዎ ብቻ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ግን ሦስቱ በየራሳቸው መንገድ ያዘናጋሉ። አሞክሲሲሊንና መሰል አንቲባዮቲኮች የሚሠሩት በባክቴሪያ ላይ ነው፤ የጎረነነ ድምፅ መንስኤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ አይደለም። ኦሜፕራዞል ለጨጓራ አሲድ ነው፤ ቃር ሳይኖር ለድምፅ ብቻ ተብሎ ወር ሙሉ ሲወሰድ ወሩ ብቻ ያልፋል።

ከሁሉም ይልቅ የምፈራው ዴክሳሜታሶንንና ፕሬድኒሶሎንን ነው። እነዚህ በማንኛውም ቁስል ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚቀንሱ ከሥሩ ካንሰር ቢኖርም እንኳ ድምፅ ለጥቂት ቀናት ሊሻሻል ይችላል። ታካሚው «መድኃኒቱ ሠራልኝ» ብሎ ይረጋጋል፣ ሲመለስበት እንደገና ይገዛል፣ በዚህ መሐል ሁለት ሦስት ወር ያልፋል። የሕመሙ መንስኤ ቲቢ ከሆነ ደግሞ እነዚሁ መድኃኒቶች ሰውነት የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማሉ።

ምርመራው እንዴት ነው? ያማል?

ምቾት ይነሳል እንጂ አያምም ማለት ይቻላል። ተቀምጠው ሳለ በአፍንጫዎ ማደንዘዣ ይረጭልዎታል፤ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ጉሮሮዎ የደነዘዘና ምራቅ መዋጥ ያስቸገረዎ ይመስልዎታል። ከዚያ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍንጫ በኩል እስከ ማንቁርቱ በላይ ይወርዳል። ሐኪሙ «ኢ...» እንዲሉ፣ ቀጥሎ በረጅሙ እንዲተነፍሱ ይጠይቅዎታል። ይህን የሚያደርገው ሁለት ነገር ለማየት ነው፦ የአውታሮቹ ገጽ ለስላሳና ነጣ ያለ መሆኑን፣ እንዲሁም ሁለቱም እኩል መገናኘትና መለያየታቸውን። ሁሉም ነገር በጥቂት ደቂቃ ያበቃል። ድንዛዜው እስኪለቅ፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ምግብም ውኃም አይውሰዱ፤ አለዚያ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል።

ይህ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ሐኪሙ ምላስዎን በጨርቅ ይዞ የሞቀ ትንሽ መስተዋት ከእንጥልዎ ሥር በማስገባት አውታሮቹን በነጸብራቅ ያያል። ዘዴው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ነው። በሰለጠነ እጅ ብዙ ያሳያል፤ የሚያስመልሰው ሰው ላይ ግን በደንብ ላይታይ ስለሚችል፣ «አልታየም» እና «ንጹሕ ነው» የተለያዩ መልሶች መሆናቸውን ይወቁ።

አንድን ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብንከተል ምን ይመስላል?

ከእነዚህ ዳርቻዎች ብዙ ጊዜ ከሚያጋጥሙት የተቀነባበረ ምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜው 56 የሆነ፣ በከተማው ምሥራቅ ዳር ታክሲ ተራ የሚያስከብር ሰው ነው። ለ30 ዓመት በቀን አንድ ፓኮ አጭሷል። በኅዳር ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘጋ፤ ጉንፋኑ ሲሄድ ድምፁ አልተመለሰም። ጓደኞቹ «ጩኸቱ ነው» አሉት። በ3ኛው ሳምንት አሞክሲሲሊን፣ በ5ኛው ዴክሳሜታሶን ገዛ። ለአራት ቀን ድምፁ ጠራ፣ ከዚያ እንደ ገና ሻከረ። በ7ኛው ሳምንት ሚስቱ ይዛው ጤና ጣቢያ ሄደች።

እዚያ አክታው ለቲቢ ተመርምሮ ነጻ ሆነ፤ ሪፈራል ተጻፈለት። ከአንገት በላይ ሐኪሙ በካሜራው ሲያይ በቀኙ አውታር መካከል ላይ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ሻካራ ነገር አገኘ። አውታሩ ግን እንደ ግራው ይንቀሳቀስ ነበር። ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ያስፈልጋል፤ ካንሰሩ በአንድ ወይም በሁለቱም አውታሮች ላይ ብቻ ሆኖ እንቅስቃሴያቸው ካልተነካ 1ኛ ደረጃ ይባላል፤ አውታሩ ከነጭራሹ ከቆመ ግን ቢያንስ 3ኛ ነው። ቀጥሎ በሙሉ ሰመመን በማይክሮስኮፕ እየታየ ናሙና ተወሰደ። ፓቶሎጂው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፣ በአንገት ሲቲ ስካን የተሰራጨ ነገር አልታየም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ሁለት መንገድ አለ፦ በአፍ በኩል ገብቶ ቁስሉን ቆርጦ ማውጣት፣ ወይም በሳምንት አምስት ቀን ለአምስትና ስድስት ሳምንት የጨረር ሕክምና መውሰድ። በሁለቱም የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፣ ማንቁርቱም ይተርፋል። አውታሩ እስኪቆም ቢጠብቅ ኖሮ ግን ጨረርና ኬሞቴራፒ በአንድነት፣ ወይም ማንቁርቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በአንገቱ ቀዳዳ መተንፈስ ይከተል ነበር። በመድኃኒት ቤት ያለፉት አራት ሳምንታት ይህን ሰው ለክፉ አልሰጡትም፤ ሌላው ሰው ግን ያን ያህል ዕድለኛ ላይሆን ይችላል።

ቲቢ ሊሆን አይችልም?

ይችላል፣ በአገራችን ሊረሳ የማይገባውም ለዚህ ነው። ቲቢ የድምፅ አውታሮችን ሲይዝ በካሜራ ከካንሰር ጋር በጣም ሊመሳሰል ይችላል። ሳል፣ የማታ ላብ፣ የክብደት መቀነስና ትኩሳት ወደ ቲቢ ያመለክታሉ፤ ስለዚህ የአክታ ምርመራና የደረት ራጅ በጊዜ መደረግ አለባቸው። የማንቁርት ቲቢ በትንፋሽ በቀላሉ ስለሚተላለፍ ይህ ቤተሰብንም ይመለከታል። አክታው ነጻ ሆኖ ማንቁርቱ ላይ ቁስል ከታየ የሚለየው ናሙና ብቻ ነው።

ቁስሉን ብረት ከነካው ይሰራጫል ይባላል። ናሙና መስጠት አደገኛ አይደለም?

ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው ከሕክምና ያስቀረ ነው። የመጣበትንም መገመት አያስቸግርም፦ ሰዎች ዘግይተው ይመጣሉ፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሞታሉ፤ ቤተሰብ በዓይኑ ያየው ብረቱን ነውና ብረቱን ይወቅሳል። ከማንቁርት ናሙና መውሰድ ካንሰሩን አያሰራጭም። ያለ ናሙና ደግሞ ጨረርም ሆነ ቀዶ ሕክምና አይጀመርም፤ ቲቢ የሆነን ሰው በጨረር ማከም ራሱ ጥፋት ነው።

3 ሳምንት ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሲተነፍሱ፣ በተለይ አየር ሲያስገቡ፣ የሚያፏጭ ወይም የሚያንኮራፋ ድምፅ ከተሰማ፣ ይህ የአየር መንገድ መጥበብ ስለሆነ የዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ደም ያለበት አክታ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ በአንገት ላይ የወጣ ጠንካራ እብጠት፣ እንዲሁም ጆሮ ራሱ ጤነኛ ሆኖ በአንድ ወገን የሚሰማ የጆሮ ሕመም ካለ ሳምንቱ ይቆጠር አይባልም። የጆሮው ነገር ብዙዎችን ያስገርማል፤ ማንቁርትንና ጆሮን የሚያገናኝ ነርቭ ስላለ ሕመሙ ወደዚያ ይዛወራል። ከአውታሮቹ በላይ ባለው የማንቁርት ክፍል የጀመረ ካንሰር ድምፅን የሚለውጠው ዘግይቶ ስለሆነ፣ በእነዚህ ምልክቶች ነው ቀድሞ የሚታወቀው።

አውታሮቹ ንጹሕ ናቸው፣ ግን አንዱ አይንቀሳቀስም ተባልኩ። ምን ማለት ነው?

አውታሩን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አንድ ቦታ ላይ ተነክቷል ማለት ነው። የግራው ነርቭ መንገዱ ረጅም ነው፦ ከአንገት ወደ ደረት ይወርድና ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ቧንቧ ሥር ዞሮ ወደ ማንቁርት ይመለሳል። ስለዚህ በግራ ሳንባ ላይ ያለ ካንሰር ወይም በደረት ውስጥ ያበጠ ንፍፊት ድምፅን ሊያጎረንን ይችላል፤ ለአጫሽ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። በአንገት ላይ ያለ እንቅርትም፣ ካንሰር ካለበት በተለይ፣ ነርቩን ሊነካ ይችላል። በዚህ ጊዜ ምርመራው አውታሮቹ ላይ አይቆምም፤ ከራስ ቅል ሥር እስከ ደረት ድረስ ነርቩ የሚያልፍበትን ሁሉ የሚያሳይ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። «ጉሮሮህ ምንም የለውም» ተብለው ከወጡ፣ «ሁለቱም እኩል ይንቀሳቀሳሉ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ማጨስ ካቆምኩ በኋላ ድምፄ ተሻሻለ። ምርመራው ይቅር?

ማቆምዎ ለአውታሮቹ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ እብጠታቸው ሊቀንስ ስለሚችል ድምፅዎ መሻሻሉ አያስገርምም። ይሁን እንጂ የሚሻሻለው የእብጠቱ ድርሻ ነው፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ካለ እሱ አብሮ አይሄድም። ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ሆኖ ከጸና ጥሩ፤ ግማሽ መንገድ ተሻሽሎ ከቆመ ግን ማንቁርቱ መታየት አለበት። ከብዙ ዓመት በፊት ያቆመ ሰውም ቢሆን አደጋው ይቀንስለታል እንጂ ጨርሶ አልጠፋለትም።

ናሙናዬ «ካንሰር አይደለም፣ ግን ነጭ ለውጥ አለ» አለ። ጉዳዬ አለቀ?

ነጭ ለውጥ በጢስ የተቆጣ ልባስ ውፍረት ሊሆን ይችላል፤ በፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ «ዲስፕላዚያ» የሚል ቃል ካለ ግን ሕዋሳቱ ሥርዓታቸውን መልቀቅ ጀምረዋል። ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ተብሎ ይከፈላል፤ ከባዱ ተቆርጦ ይወጣል፣ ቀላሉ በየጊዜው በካሜራ ይታያል። ናሙና የሚወሰደው ከአንድ ነጥብ ነው፤ ከጎኑ ያለው ላይያዝ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖም ድምፅ እየባሰ ከሄደ ሐኪሙ ሁለተኛ ናሙና ቢጠይቅ የመጀመሪያው ተሳስቷል ብለው አይቆጡ። የፓቶሎጂ ወረቀቱን ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ፤ ሆስፒታል ቢቀይሩ ቀጣዩ ሐኪም የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።